ለማድያት አዜላይክ አሲድ፦ 10 ወይስ 20 በመቶ?

«የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ማድያት ወጣብኝ፣ ሃይድሮኪኖን አቁሚ ተባልኩ። አዜላይክ አሲድ 10 በመቶ ይሻለኛል ወይስ 20?»

20 በመቶው ክሬም ይሻልሻል። ለማድያት በብዛት የሚታዘዘው እሱ ነው። ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ስለሆነ በእርግዝና ጊዜ ከሃይድሮኪኖን ይመረጣል፤ ግን ለክትትል ስትሄጂ ቱቦውን አሳዪያቸው። 10 በመቶው ብዙ ጊዜ ወፈር ይላል፤ ሰንስክሪን ስትደርቢበት ይድቦለቦላል። ፊትሽ ወዛም ከሆነ 15 በመቶው ጄል ቀለል ይላል።

ማታ ማታ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ለመላው ፊትሽ ትበቃለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠዋትም ጨምሪ። ለውጡ ሁለት ሦስት ወር ይፈልጋል።

አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔ ታጥቤ ሳልደርቅ ቀባሁትና በርበሬ እንደነካኝ አቃጠለኝ። ሳክከው ደግሞ ጉንጬ ላይ አዲስ ጥቁረት ተወብኝ። ፊትሽ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቂ። የጅማ ሰማይ ደመና ነው ብለሽም ሰንስክሪኑን እንዳትተዪ፣ ማድያቱ ይመለሳል።