የቅጥር ደብዳቤውን ሳትፈርሙ አንድ ሌሊት ቤታችሁ አሳድሩት

ልጆች፣ ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ሁለት ገጽ ወረቀት ይዛ መጣች። ኮምቦልቻ አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ አድርጎ ሊቀጥራት ነው። «ጋሼ፣ ነገ ፈርሜ መመለስ አለብኝ፣ እስቲ አንዴ ይዩልኝ» አለችኝ። እናቷ ቡና አፍልታ ነበርና አቦሉን ይዤ መነጽሬን አደረግኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ «የሙከራ ግዜ» ይላል። «ጊዜ» አይደለም፣ «ግዜ»።

ደነገጥኩ። ያ ስህተት የእኔ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ኮምቦልቻ ስሠራ የቅጥር ደብዳቤ ፎርም ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ። አንዱ ኤችአር ከአንዱ እየገለበጠ፣ ስምና ደመወዝ ብቻ እየቀየረ፣ ፊደሉን እንኳ ሳያርም እዚህ አድርሶታል። ስለዚህ ይቺን ወረቀት ላብራራላችሁ የምችል ሰው ነኝ፤ ግማሹን ጥፋት ራሴ ጽፌዋለሁ።

ከሙከራ ጊዜው ልጀምር። ደብዳቤው «ሦስት ወር» ይላል። አሁን በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን የሙከራ ጊዜ ከመጀመሪያው የሥራ ቀን አንስቶ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ የለበትም ይላል። (በእኔ ጊዜ የነበረው አዋጅ ደግሞ 45 ተከታታይ ቀን ነበር የሚለው፤ ያኔም «ሦስት ወር» ብዬ ስጽፍ የጠየቀኝ አልነበረም።) ውሉ ከሕጉ የባሰ ነገር ቢጽፍ የሚሠራው ሕጉ ነው። የሥራ ቀን ማለት ደግሞ የካላንደር ቀን አይደለም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።

ዘንድሮ ያየሁትን አንድ ልጅ ጉዳይ ልንገራችሁ። ሰኞ ጥቅምት 3 ሥራ ጀመረ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ነው የሚሠራው፤ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ቢሆንም የሥራ ቀን ነው። በሳምንት ስድስት ቀን፣ አሥር ሳምንት፣ 60 ቀን። መካከል ላይ ሥራ የሚዘጋ በዓል አልገባም። ስለዚህ ስልሳኛው ቀን ቅዳሜ ታኅሣሥ 11 ላይ አለቀ። ሰኞ ታኅሣሥ 20 ቀን ጠዋት በር ላይ ደብዳቤ ተሰጠው፦ «የሙከራ ጊዜዎን በአግባቡ ባለማጠናቀቅዎ ተሰናብተዋል»። በቅጥር ደብዳቤው አቆጣጠር ሦስት ወር ገና ነበር። በሕጉ አቆጣጠር ግን ልጁ ከዘጠኝ ቀን በፊት ሙከራውን ጨርሷል፣ ቋሚ ሠራተኛ ሆኗል፣ ያውም ከጥቅምት 3 ጀምሮ እንደተቀጠረ ነው የሚቆጠረው።

ልዩነቱ ይህን ያህል ነው። ሙከራ ላይ እያለ ለሥራው ብቁ አይደለም ከተባለ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ስንብት ክፍያ፣ ያለ ካሳ ሊያሰናብቱት ይችላሉ። እሱም በበኩሉ ያለ ማስጠንቀቂያ መሄድ ይችላል። ሙከራው ካለቀ በኋላ ግን ከችሎታው፣ ከጠባዩ ወይም ከድርጅቱ የሥራ ሁኔታ ጋር የተያያዘ ምክንያት ያስፈልጋል፣ ከከባድ ጥፋት በቀር የአንድ ወር ማስጠንቀቂያም ይገባዋል። ልጁ መጀመሪያ ቀኑን በእጁ ቆጠረ፣ ከዚያ ቆጠራውን በአንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፈና ከደመወዝ ወረቀቱ ጋር ወሰደው። ሰዎቹ ቀኑን ሲቆጥሩ አልተከራከሩም፤ የአንድ ወሩን ከፈሉት። ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ መክሰስም ይችል ነበር፣ ግን አልፈለገም። እሱን የምትፈልጉ ከሆነ አትዘግዩ፤ የመመለስ ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የልጁ ድርጅት ቅዳሜ የማይሠራ ቢሆን ኖሮ 60 የሥራ ቀን 12 ሳምንት ይሆን ነበር። ታኅሣሥ 20 ላይ ያኔ ገና ሙከራ ላይ ነው። ስለዚህ «የሙከራ ጊዜ ስንት ወር ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። በሳምንት ስንት ቀን እንደምትሠሩ ቁጠሩና የመጨረሻውን ቀን የደብዳቤው ጀርባ ላይ በእርሳስ ጻፉት።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ልጅ ልመለስ። ደመወዟን ስትነግረኝ «10,500 ነው ጋሼ» አለች። ወረቀቱን ሳየው 7,000 መሠረታዊ ደመወዝ፣ 3,500 የትራንስፖርት አበል። ሕጉ የትራንስፖርት አበልን እንደ ደመወዝ አይቆጥረውም። ቦነስንም እንዲሁ። ጡረታዋ የሚታሰበው በ7,000 ላይ ነው፤ እሷ 7 በመቶ ማለትም 490 ብር ታዋጣለች፣ ድርጅቱ 11 በመቶ ይጨምራል። የትርፍ ሰዓቷም፣ አንድ ቀን የስንብት ክፍያ ቢመጣ እሱም የሚሰላው ከ7,000 ተነስቶ ነው። አበሉ መጥፎ ነገር አይደለም፣ በየወሩ ኪስ ይገባል። ግን ሁለት ቦታ 10,500 እና 9,000 ቢሰጧችሁ፣ ዘጠኝ ሺሁ ግን ሙሉ በሙሉ መሠረታዊ ቢሆን፣ ቁጭ ብላችሁ አስሉ።

ሰርቪስ፣ ምሳ፣ ሕክምና ብለው በቃል ነግረዋታል። ደብዳቤው ላይ ያለው «ሌሎች ጥቅማ ጥቅሞች በድርጅቱ መመሪያ መሠረት» የምትል አንዲት መስመር ናት። እሷንም የጻፍኳት እኔ ሳልሆን አልቀርም። መመሪያውን ሳታዩ ስለ ሰርቪስ አታልሙ። በተለይ ከደሴ ሐረጎን ወርዳችሁ የምትሠሩ ከሆነ፣ ሰርቪስ ሲቀር የወር ሚኒባስ ምን ያህል እንደሚበላ ታውቁታላችሁ። «መመሪያው ላይ ስለ ሰርቪስ የሚለውን ገጽ ኮፒ ይስጡኝ» ማለት ድፍረት አይደለም። የዓመት ፈቃድ ከ16 የሥራ ቀን በታች ከተጻፈ ደግሞ ስህተት ነው፣ አስተካክሉልኝ በሉ።

ስለ መልቀቅ የተጻፈው ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ሠራተኛዋ ስትለቅ የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ትሰጣለች፣ ካልሰጠች የሦስት ወር ደመወዝ ትከፍላለች፤ ድርጅቱ ግን «አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው በማንኛውም ጊዜ» ያሰናብታል። አነበብኩና ሳቅኩ። ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ ሕጉ የሚጠይቀው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ነው። ሳይሰጥ ቢሄድም ለአሠሪው የሚከፍለው ካሳ ከ30 ቀን ደመወዝ አይበልጥም። ድርጅቱ ነው እንጂ አገልግሎት ሲረዝም ማስጠንቀቂያው የሚረዝምበት፤ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ አንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ሁለት ወር፣ ከዚያ በላይ ሦስት ወር። ድርጅቱ በወጪው አሠልጥኗችሁ ይህን ያህል ጊዜ አገለግላለሁ ብላችሁ ከፈረማችሁ ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱን ውል ለብቻው አንብቡት።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሠራተኛ ለሚባለው ነው። አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይሸፍንም። «ማናጀር» የሚል ማዕረግ ብቻ የሥራ መሪ አያደርግም፤ ሰው የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማሰናበት ዓይነት ሥልጣን አለህ ወይ ነው ጥያቄው። ማዕረግ ሲሰጧችሁ ሥልጣኑን አብራችሁ ጠይቁ።

ከሁሉም ያሳሰበኝ ግን የመጨረሻው አንቀጽ ነው። ይቺ የእኔ አይደለችም፣ አዲስ ናት፦ «ሠራተኛዋ ከለቀቀች በኋላ ለሁለት ዓመት በተመሳሳይ ዘርፍ በተሰማራ በማንኛውም ድርጅት ላትቀጠር ተስማምታለች፤ ይህን ብትጥስ 100,000 ብር ትከፍላለች።» ልጅቷ አልፋዋለች። «ይሄ ሁሉም ላይ ያለ ነው አሉኝ» አለች።

እስቲ አስቡት። የተማረችው ጋርመንት ነው። የምታውቀው ስፌት መፈተሽ ነው። ከደሴ ወርዳ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የምታገኘው ሥራ አብዛኛው ያው ልብስ ነው። «ተመሳሳይ ዘርፍ፣ ማንኛውም ድርጅት» ሲባል ሁለት ዓመት ቤት ቁጭ በይ ማለት ነው። ያውም በወር 7,000 ለምታገኝ ልጅ 100,000 ብር የአሥራ አራት ወር ደመወዝ ይሆናል። አዋጁን ገልብጣችሁ ብትፈልጉ ከለቀቃችሁ በኋላ ስለሚኖር ውድድር የሚደነግግ አንቀጽ አታገኙም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ ደግሞ መተዳደሪያውንና ሥራውን የመምረጥ መብት ለሰው ሰጥቷል። ቢሆንም «ሕጉ ከእኔ ጋር ነው» ብላችሁ ዝም ብላችሁ አትፈርሙ። ፍርድ ቤት ቆሞ መከራከር ጊዜም ገንዘብም ይበላል፣ ወረቀቱን ሲያሳዩት የሚፈራ አዲስ አሠሪም አለ።

እንዲህ ዓይነት አንቀጽ ሲመጣ ሦስት ነገር ተጣብቆ ይመጣልና ለዩት። አንደኛው፣ እዚህ እየሠራችሁ ለተፎካካሪ አትሥሩ የሚለው ነው። ትክክል ነው። ሁለተኛው ምስጢር መጠበቅ ነው፤ የደንበኛ ዋጋ፣ የዲዛይን ፋይል ይዛችሁ አትውጡ። እሱም ትክክል ነው፣ ፈርሙ። ሦስተኛው ከወጣችሁ በኋላ የትም አትቀጠሩ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ነው ለምን ያህል ጊዜ፣ የት፣ ምን ዓይነት ሥራ ብላችሁ የምትጠይቁት። ለሦስቱም መልስ ከሌለው ገደቡ ሰፊ ነው። የድርጅቱን ዋና ዋና ገዢዎች የሚያውቅ የሽያጭ ኃላፊ ቢገደብ ይገባኛል፤ ክር የምትፈትሽ ልጅ ግን የምትሰርቀው ምን ምስጢር አላት?

እንድትጽፍ የነገርኳት ይህን ነው፦ «የቅጥር ደብዳቤውን ስላገኘሁ አመሰግናለሁ። የምስጢር ጥበቃውን ተቀብያለሁ። የመጨረሻው አንቀጽ እንዲወጣልኝ፣ ካልተቻለ ግን ከድርጅቱ ወደ ራሱ ደንበኞች ዘንድ ሄጄ እንዳልቀጠር ለስድስት ወር ብቻ በሚል እንዲስተካከልልኝ እጠይቃለሁ። የሙከራ ጊዜውም 60 የሥራ ቀን ተብሎ ይታረምልኝ።» ቁጣ የለበትም፣ የአንቀጽ ጋጋታም የለበትም። ኤችአር ላይ የሚቀመጥ ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት ሲመጣለት ለአለቃው ማሳየት ይቀለዋል፤ እኔም ብሆን ይቀለኝ ነበር።

አንዳንድ ቦታ ሰው ሲለቅ ደግሞ «የት እንደምትቀጠር ሳትነግረን የሥራ ልምድ አንሰጥህም» ይላሉ። የሠራችሁትን ሥራ፣ የአገልግሎት ዘመናችሁንና ደመወዛችሁን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በነጻ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። መያዣ አይደለም።

ልጅቷ ማክሰኞ ሄደች። የሙከራውን ቀን ወዲያው አረሙት። የሁለት ዓመቱን ወደ ስድስት ወር አወረዱት፣ «ማንኛውም ድርጅት» የሚለውን ሰርዘው የሦስት ደንበኞቻቸውን ስም ጻፉ፣ መቶ ሺውን አወጡት። የሦስት ወር ማስጠንቀቂያው ግን እንዳለ ቀረ፤ «የድርጅቱ ፎርም ነው» አሏት። እሱን ተዪው፣ ሕጉ ይሸፍንልሻል አልኳት። ፈረመች፣ ማኅተም ያረፈበትን አንድ ኮፒ ይዛ መጣች። «ግዜ»ውን ግን አልነኩትም።

የመጨረሻዋን የሙከራ ቀን ጀርባው ላይ በእርሳስ ጽፋለች። ሰኞ ሥራ ትጀምራለች።