የተሳሳተው ምርጫ ከየት ይምጣ? ለወጣት የፊዚክስ መምህራን

ውድ ወጣት መምህራን፣

ሰሞኑን እዚሁ ደሴ ማስተማር ከጀመረ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው አንድ ልጅ፣ "ጋሼ፣ የምርጫ ጥያቄ ሳወጣ ትክክለኛው መልስ አያስቸግረኝም፤ ሌሎቹን ሦስቱን ከየት ላምጣቸው?" ብሎ ጠየቀኝ። መልሱን ያኔውኑ ነገርኩት፤ ጥያቄው ግን አብሮኝ ቤት ገባ። እነዚያን ሦስት ምርጫዎች እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ቦታ ለመሙላት ስጽፋቸው ነበር።

የምጽፈው እንዲህ ነበር፦ "2 ኪሎ ግራም በሆነ ዕቃ ላይ 10 ኒውተን ፎርስ ቢያርፍ አክሰለሬሽኑ ስንት ነው?" መልሱ 5። ከጎኑ 20 አስቀምጣለሁ፣ ያባዛ ተማሪ እንዲወድቅበት፤ 0.2 አስቀምጣለሁ፣ ገልብጦ ያካፈለ እንዲወድቅበት፤ 12 ደግሞ ለደመረው። ጥያቄው የሚለካው ማካፈልን ነው። 5ን የመረጠው ተማሪ በዚያው ፈተና ላይ፣ በማብራሪያ ጥያቄው ሥር፣ "ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ የሚቆመው የወረወርንበት ፎርስ ሲያልቅ ነው" ብሎ ይጽፋል። አንደኛው ላይ ሙሉ ነጥብ ሰጥቼው፣ ሁለተኛውን በቀይ ሰርዤ አልፋለሁ። የሚቆጨኝ ያ ቀይ መስመር ነው። የምፈልጋቸው ሦስት ምርጫዎች እዚያ፣ የሰረዝኩት መስመር ሥር ተጽፈው ነበር።

ስለዚህ የልጁ ጥያቄ መልስ ይህ ነው፦ የተሳሳተው ምርጫ የሚመጣው ከተማሪው ወረቀት ነው። ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም። የፊዚክስ ትምህርት ተመራማሪዎቹ ሃሉንና ሄስቴነስ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት የሜካኒክስ ፈተና መጀመሪያ ተማሪዎች በራሳቸው ቃል እንዲመልሱ አደረጉ፤ በብዛት የተደጋገሙትን ስህተቶች ወስደው ነው ምርጫ ያደረጓቸው። ከዚያ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1992 ፎርስ ኮንሰፕት ኢንቬንተሪ የሚባለው፣ እያንዳንዱ አምስት ምርጫ ያለው የ29 ጥያቄ ፈተና ተወለደ። ስሌት የለበትም ማለት ይቻላል። ቢሆንም ቀመሩን በቃሉ የያዘ ተማሪ ሲወድቅበት ይታያል።

አሁን የተወረወረውን ድንጋይ ይዘን እንሂድ። ከዚህ ጥያቄ በላይ ብዙ የሚናገር አላውቅም።

በመጀመሪያ ምርጫ የሌለው ጥያቄ በግማሽ ወረቀት ስጡ፦ "አንዲት ልጅ ትንሽ ድንጋይ ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ ወረወረች። ከእጇ ከተለየ በኋላ ገና እየወጣ ሳለ ምን ምን ፎርስ ያርፍበታል? ለምን? በሁለት መስመር ጻፉ።" ማርክ የለውም በሏቸው፤ ማርክ ካለው መጽሐፉን ነው የሚጽፉላችሁ። ወረቀቱን ስትሰበስቡ በመልሱ ሳይሆን በምክንያቱ ክምር ክምር አድርጉት። እንዲህ የሚሉ ክምሮች ታገኛላችሁ፦ "የወረወረችበት ፎርስ አብሮት እየሄደ እየደከመ ይመጣል፣ ስበት ደግሞ ይጎትተዋል"፤ "ሲወጣ የሷ ፎርስ ነው፣ ሲወርድ ስበት ነው"፤ "ስበት እየበረታበት ስለሚሄድ ይዘገያል"፤ እና ትክክለኛው። ምርጫውን የምትጽፉት ከነዚህ ነው፣ የልጆቹን አነጋገር ሳትለቁ፦

ሀ. ወደ ታች ስበት፣ ወደ ላይ ደግሞ ከእጇ የተቀበለውና እየደከመ የሚሄድ ፎርስ።
ለ. ወደ ላይ ከእጇ የተቀበለው ፎርስ ብቻ፤ ስበት የሚሠራው መውረድ ሲጀምር ነው።
ሐ. ወደ ታች ስበት ብቻ፤ መጠኑ አይለወጥም።
መ. ወደ ታች ስበት ብቻ፤ ድንጋዩ ከፍ ባለ ቁጥር መጠኑ እየጨመረ ይሄዳል።

በጥያቄው ላይ "የአየር ግጭት አይቆጠር" የሚል መጨመር አለበት፤ ካልተጨመረ ጎበዙ ተማሪ ትክክለኛ መልስ የለም ብሎ ሊከራከራችሁ ይችላል፣ እውነቱንም ነው። ልብ በሉ፣ "ብቻ" የሚለው ቃል በሦስት ምርጫዎች ውስጥ አለ። በትክክለኛው ውስጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተማሪው ፊዚክሱን ትቶ ቃሉን ይከተላል። ርዝመታቸውም ተቀራራቢ ይሁን።

ሀን የመረጠ ተማሪ ፎርስን ከእጅ ወደ ድንጋይ እንደሚተላለፍ ዕቃ ነው የሚያየው። ለን የመረጠ ፎርስ ሁልጊዜ እንቅስቃሴው ወዳለበት አቅጣጫ ነው ብሎ ያምናል። ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ይለያያል። ለሀው ተማሪ የምጠይቀው እንዲህ ነው፦ ድንጋዩ 0.2 ኪሎ ቢሆን ስበቱ 2 ኒውተን አካባቢ ነው፤ የእጇ ፎርስ 5 ኒውተን ሆኖ አብሮት እየወጣ ከሆነ የተረፈው 3 ኒውተን ወደ ላይ ነው፤ ታዲያ ድንጋዩ መፍጠን ሲገባው ከእጇ ከተለየበት ቅጽበት ጀምሮ ለምን ይዘገያል? ለለው ተማሪ ይህ አይሠራም፣ ስበቱን ጭራሽ አልቆጠረውምና። እሱን ድንጋዩ ሲወጣ ስበቱ የት ሄዶ እንደነበር ነው የምጠይቀው።

ቀጥሎ ያለው ቦታ ላይ ነው ብዙ መምህራን የሚሳሳቱት፤ እኔም ተሳስቻለሁ። ያው ድንጋይ ጫፍ ላይ ሲደርስ፣ ለቅጽበት ሲቆም፣ ምን ያርፍበታል? ብዙ ሰው "ዜሮ" የሚል ምርጫ አስገብቶ ይተወዋል። ብዙ ተማሪ ዜሮን ይመርጣል፣ መምህሩም ስህተቱን ያወቀ ይመስለዋል። አላወቀውም። ወደ ዜሮ የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው "ፍጥነቱ ዜሮ ስለሆነ ፎርሱም ዜሮ ነው" የሚል ነው። ሁለተኛው "የእጇ ፎርስ ደክሞ ከስበቱ ጋር እኩል ሆነ፣ ተሸናነፉ" የሚል ነው። ስለዚህ ዜሮን ለሁለት ክፈሉት፦ "ምንም ፎርስ አያርፍበትም" እና "ሁለት እኩል ፎርሶች በተቃራኒ አቅጣጫ ያርፉበታል"። በመጀመሪያው ጥያቄ ሀን፣ በዚህኛው "ሁለት እኩል" የሚለውን የመረጠ ተማሪ እርስ በርሱ የሚገጥም ሐሳብ አለው። እንዲህ ያለው ተማሪ ተስፋ ይሰጠኛል፤ የሚከራከርበት ነገር ይዟል።

"ምንም ፎርስ የለም" ላለው ቁጥር ይርዳችሁ። ድንጋዩ በሰከንድ 15 ሜትር ተወርውሮ g 10 ቢሆን፣ ከ1 ሰከንድ በኋላ ፍጥነቱ 5 ወደ ላይ ነው፤ በ1.5 ሰከንድ ዜሮ፤ በ2 ሰከንድ 5 ወደ ታች። ለውጡ በእያንዳንዱ ሰከንድ 10 ነው፣ ጫፉ ላይም አላረፈም። ፎርሱ እዚያ ጠፍቶ ቢሆን ድንጋዩ ተንሳፍፎ በቀረ ነበር።

ስለ ቋንቋ አንድ ነገር። ሆን ብዬ "ፎርስ" እያልኩ ነው። ልጁ በአማርኛ "ድንጋዩ ገና ጉልበት አለው" ሲል ሞመንተሙን ወይም ኢነርጂውን ማለቱ ሊሆን ይችላል፣ ያ ደግሞ ስህተት አይደለም። ዘጠነኛ ክፍል ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሆን ይህ ጉልበት "force" ተብሎ ይተረጎማል፤ ያኔ ልጁ የተሳሳተ ይመስላችኋል። ስለዚህ ጥያቄውን ከማባዛታችሁ በፊት አራት አምስት ተማሪዎች ለየብቻ ጠርታችሁ ጮክ ብለው እያሰቡ እንዲመልሱ አድርጉ፣ በአማርኛ። ሀን ሲመርጥ "ማን ነው አሁን የሚገፋው?" በሉት። "እጇ" ካለ ምርጫው ያሰባችሁትን ይለካል። "ማንም አይገፋውም፣ እየሄደ ነው እንጂ" ካለ ፊዚክሱን ያውቃል፣ የወደቀው ቃላችሁ ላይ ነው፤ ምርጫውን አስተካክሉት።

የዛሬ መምህራን በቴሌግራም የሚዞር የጥያቄ ፋይል አውርዳችሁ ቁጥሩን ቀይራችሁ ትሰጣላችሁ። ጊዜ የላችሁም፣ ይገባኛል። ግን የሌላ አገር ተማሪ የተሳሳተበት ምርጫ የናንተ ክፍል ልጆች የሚያስቡትን ላይይዝ ይችላል።

ከፈተናው በኋላ የምትሠሩት ቆጠራ ቀላል ነው። 60 ተማሪ ካለ በጠቅላላ ውጤት የላይኛውን 20 እና የታችኛውን 20 ለዩ፤ እያንዳንዱን ምርጫ ከየወገኑ ስንት ሰው እንደመረጠው ጻፉ። ማንም ያልነካው ምርጫ ቦታ ይዞ ነው፤ አውጡት። ሦስት ምርጫ ይበቃል፣ አራተኛውን ለማሟላት ብላችሁ አትፍጠሩ። (እኔ ከላይ አራት ጽፌያለሁ፤ አራት ክምር ስላገኘሁ ነው።) በተለምዶ የተሳሳተውን ምርጫ ከላይኞቹ ይልቅ ታችኞቹ እንዲወስዱት ይጠበቃል፤ ካልሆነ ጥያቄው ተበላሽቷል ይባላል። በፎርስ ጥያቄ ላይ ግን ይህን ቶሎ አትመኑ። ደካማው ተማሪ ገምቶ ሲበተን፣ ጎበዙ አስቦበት ሀ ላይ ሊሰበሰብ ይችላል። ከላይኞቹ ሦስቱን ጠርታችሁ ምክንያታቸውን ስሙ፤ የጥያቄው ቃል አሳስቷቸው ከሆነ ጥያቄውን፣ አምነውበት ከሆነ ትምህርቱን አስተካክሉ።

በመጨረሻ ያንኑ ስህተት በሌላ ልብስ አንድ ጊዜ ጠይቁ። ኮምቦልቻ ላይ ሜዳ በሆነ ቀጥ ያለ አስፋልት አንድ ባጃጅ በማይለወጥ ፍጥነት ይሄዳል፤ ወደፊት የሚገፋው ፎርስና ወደኋላ የሚጎትተው ሲነጻጸሩ እንዴት ናቸው? "እኩል ናቸው"፣ "ወደፊት የሚገፋው ይበልጣል"፣ "ወደኋላ የሚጎትት የለም"። ልጆቹ ሁሉ የሚያውቁትን የሐረጎን ቁልቁለት መውሰድ ያምራል፤ እኔም ሞክሬው ነበር። ግን እዚያ ስበቱ ራሱ ወደፊት ይጎትታል፣ ፍሬኑ ይይዛል፣ ሞተሩም ይይዛል፤ ልጁ ቢሳሳት በየትኛው እንደተሳሳተ አታውቁም። በሜዳው መንገድ "ይበልጣል" ያለው ልጅ በድንጋዩም ለን መርጦ ከሆነ፣ እንቅስቃሴ ባለበት ሁሉ የሚያሸንፍ ፎርስ አለ ብሎ ያምናል ማለት ነው። ድንጋዩን አግኝቶ ባጃጁን ከሳተ ግን የድንጋዩን መልስ ሸምድዶት ሊሆን ይችላልና ጠርታችሁ አናግሩት።