የስኮላርሺፕ የግል መግለጫ መክፈቻ፦ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

«የማስተርስ ስኮላርሺፕ ማመልከቻ እያዘጋጀሁ ነው። መግለጫዬ ‹ከልጅነቴ ጀምሮ ሰዎችን የመርዳት ፍላጎት ነበረኝ› ብሎ ይጀምራል። ያነበቡት ሁሉ የተለመደ ነው፣ በአንድ ታሪክ ጀምሪ ይሉኛል። እኔ ግን የዕለት ሥራዬን ከመሥራት በቀር የሚተረክ ታሪክ የለኝም። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ የሚተረከው ታሪክ ያለው እዚያው የዕለት ሥራሽ ውስጥ ነው። እኔ የአመልካቾችን ረቂቅ እያነበብኩ አስተያየት ስሰጥ ቆይቻለሁ፤ ጥሩውን መክፈቻ ብዙ ጊዜ የማገኘው ሦስተኛው ወይም አራተኛው አንቀጽ ውስጥ፣ በግማሽ ዓረፍተ ነገር ተሸሽጎ ነው። ስለዚህ አዲስ ነገር ከመፈለግሽ በፊት ያለሽን ረቂቅ እንደገና አንብቢ።

የመክፈቻሽ ችግር ውበት ማጣቱ አይደለም። የሌላ አመልካች ስም ቢጻፍበትም እውነት ሆኖ መቀጠሉ ነው። በታዋቂ ሰው ጥቅስ መጀመርም ከዚህ አይለይም። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በዚህ ፈትኚው፤ ለማንም የሚሆነውን ሰርዢው።

አንድ ምሳሌ በዝርዝር ላሳይሽ። ያገዝኳት አንዲት ነርስ ክትባት ክፍል ትሠራ ነበር። የመጀመሪያ ረቂቋ «ጤና የሁሉም መሠረት ነው» ብሎ ይጀምርና ወረድ ብሎ «በመረጃ አያያዝ ረገድ የነበሩ ክፍተቶችንም ለይቻለሁ» ይላል። ክፍተቱን እንዴት እንዳየችው ጠየቅኋት። የነገረችኝ ታሪክ መክፈቻ ሆነ፦

«ሰኞ ጠዋት የክትባት ማቀዝቀዣውን ስከፍት ቴርሞሜትሩ 13 ዲግሪ ያሳያል፤ መሆን የነበረበት ከ2 እስከ 8 ነው። በሩ ላይ የተለጠፈው መመዝገቢያ ግን ቅዳሜም እሑድም፣ ጠዋትም ማታም 5 ይላል። በሁለቱም ቀናት ክፍሉ ዝግ ነበር። ብልቃጦቹን ወደሚሠራ ማቀዝቀዣ አዛውሬ ‹እንዳይሰጥ› ብዬ ለየኋቸውና ለኃላፊዬ አሳወቅሁ። ከዚያ ያለፉትን ወራት ቅጾች አወጣሁ። ገጽ በገጽ 5 ነበር።»

እዚህ ውስጥ «ትጉህ ነኝ» የሚል ቃል የለም፤ ቅጾቹን ማውጣቷ ግን ትጋቷን ይናገራል። ማንም ሳያዝዛት ያደረገችው ነገር ይህ ስለሆነ የታሪኩ እምብርትም እርሱ ነው። አንቺም «ሳልታዘዝ ምን አደረግሁ? ከየትኛው ቀን በኋላ ሥራዬን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ።

ወደዚህ ከመድረሷ በፊት ግን ሁለተኛው ረቂቅ ወደ ሌላ ጽንፍ ሄዶ ነበር። «ልቤ በኃይል ይመታል፣ የሕፃናቱ ሕይወት በእጄ ላይ ነው» የሚል አምስት መስመር ጻፈች፤ ማቀዝቀዣው የተጠቀሰው ከዚያ በኋላ ነው። ታሪክ ጀምሪ የተባለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንባቢው ከፊቱ የተቆለሉ ማመልከቻዎች አሉበትና የት እንዳለ ሳያውቅ ሲቀር ይሰለቻል። ቦታው፣ ዕቃውና ችግሩ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ይታወቁ፤ ስሜቱን ለአንባቢው ተዪለት።

ከሁሉም በላይ የምጨነቅበት ግን ታሪኩ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ዓረፍተ ነገር ነው። ብዙዎች ደህና ታሪክ ይነግሩና «ይህም ሰዎችን ለመርዳት አነሳሳኝ» ብለው ወደ ሸሹት ቦታ ይመለሳሉ። እርሷ የጻፈችው እንዲህ ነው፦ «ቅጹን በየወሩ እንልካለን፤ ስለ ቁጥሩ የጠየቀን ግን አልነበረም። የማይነበብ ቁጥር ያለ ልኬት ይሞላል። መረጃው ለሚሞላው ሠራተኛም እንዲጠቅም አድርጎ የክትባት አቅርቦትን መቆጣጠር እንዴት እንደሚቻል መማር እፈልጋለሁ።» ታሪኩ ጥያቄ ወለደ፣ ጥያቄው ደግሞ የትምህርቱን ዘርፍ ጠራ። ባልደረቦቿንም አልወነጀለችም፤ አሠራሩን ነው የመረመረችው። ይህ መስመር ካልተገኘ ታሪኩ የቱንም ያህል ቢያምር ሌላ ፈልጊ።

ስለ ርዝመቱ፣ የተፈቀደልሽ 500 ቃል ከሆነ ታሪኩና መሸጋገሪያው ከ120 ቃል ባይበልጡ እመርጣለሁ። የቀረው ለትምህርት ዝግጅትሽ፣ ለምን ያንን ፕሮግራም እንደመረጥሽና ስትመለሺ ለምትሠሪው ያስፈልግሻል። በመሃል ሌላ ታሪክ አትጨምሪ፤ የመጀመሪያውን ያደበዝዘዋል።

ዝርዝሩን ደግሞ አትፍጠሪ። 13 ይሁን 11 ካላስታወስሽ «ከ8 በላይ» ብለሽ እለፊው። ለቃለ መጠይቅ ከተጠራሽ ስለዚያ ቀን ሊጠይቁሽ ይችላሉና ከተጻፈው በላይ የምትናገሪው ሊኖርሽ ይገባል። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልሽ ኃላፊም ነገሩን የሚያውቅ ከሆነ ረቂቁን አስቀድመሽ አሳዪው፤ ሁለቱ ሰነዶች እንዳይጋጩ።