ለክፍል አያያዝ ስልጠና የሚለካ ዝርዝር ዓላማ እንዴት ይጻፋል? ጥያቄና መልስ ከድሬዳዋ

ሰላም ለሁላችሁም። ዛሬ የምመልሰው ስለ ዝርዝር ዓላማ ብቻ ነው። ስለ አበል፣ ስለ ሰርተፍኬትና ስለ አዳራሽ የሚጠይቅ ወደ አዘጋጆቹ ይሂድ። ጥያቄ ስትልኩ የጻፋችሁትን ዓላማ አብራችሁ ላኩ። ዓላማው ካልታየኝ የምለው ነገር የለኝም።

ርዕሰ መምህር፣ ሳቢያን፦ ለ40 መምህራን የግማሽ ቀን ስልጠና ልሰጥ ነው። ዓላማዬ «ሰልጣኞች የክፍል አያያዝን አስፈላጊነት ይገነዘባሉ» ይላል። ሱፐርቫይዘሩ አይለካም ብሎ መለሰልኝ። ምኑ ነው የማይለካው?

መልስ፦ ሱፐርቫይዘሩ ልክ ነው። መገንዘብ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። ሰልጣኙ መገንዘቡን በምን ታውቃለህ? ራሱን ስለነቀነቀ? 40 ሰው ራሱን ነቅንቆ ሰኞ ክፍል ሲገባ እንደ ድሮው ይጮሃል።

አሜሪካዊው የትምህርት ባለሙያ ሮበርት ሜገር እ.ኤ.አ. በ1962 ያስቀመጣቸው ሦስት ነገሮች እስከ ዛሬ ይሠራሉ። ሰልጣኙ ምን ሲያደርግ ይታያል? በምን ሁኔታ ውስጥ? ምን ያህል ቢሠራው በቃ ይባላል? ከዚያ በፊት ግን «ክፍል አያያዝ» የሚለውን ሰፊ ነገር አጥብበው። ከመምህራንህ ጊዜ የሚበላው የትኛው ቅጽበት ነው? ብዙ ጊዜ ከቡድን ሥራ ወደ ሰሌዳ መመለሻው ነው። 60 ልጅ እያወራ መምህሩ «ዝም በሉ! ዝም በሉ!» ይላል፤ ማንም አይሰማውም። እሱን እንያዝ። እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«ሰልጣኙ እንደ ተማሪ በሚያወሩ 4 ባልደረቦቹ ፊት ከቡድን ሥራ ወደ ሰሌዳ ሲያሸጋግር፣ (ሀ) አስቀድሞ የተስማሙበትን ምልክት ይሰጣል፤ (ለ) ሁሉም ዝም እስኪሉ ሳይናገር ይጠብቃል፤ (ሐ) ከሦስት እርምጃ ያልበለጠ መመሪያ ይሰጣል፤ (መ) አንዱን ተማሪ መመሪያውን ያስደግማል። በሁለተኛው ሙከራ አራቱንም ይፈጽማል።»

አሁን ሰዓትህን አስላ። 40 ሰው በአምስት አምስት ሲከፈል 8 ቡድን ነው። አንድ ሰው ለማሳየት 3 ደቂቃ፣ ለአስተያየት 2 ደቂቃ ይወስዳል። ለአምስቱ 25 ደቂቃ፣ ለሁለት ዙር 50 ደቂቃ ማለት ነው። መጀመሪያ አንተ የምታሳይበትና አራቱን ነጥቦች በያዘው ቼክሊስት ላይ የምትስማሙበት ጊዜ ሲጨመር አንድ ሰዓት ተኩል ይሄዳል። ስለዚህ በግማሽ ቀን አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ዓላማ ነው የሚያዘው። ሰባት ዓላማ ደርድሮ የሚመጣ ሰው አንዱንም አይለካም።

የ8ኛ ክፍል መምህር፣ ሐረር፦ ቲቸር፣ «80 ከመቶ ይፈጽማል» የሚለውን ረሳሽው። መለኪያ ያለ ቁጥር አይሆንም ተብለን ነው የሰለጠንነው።

መልስ፦ መለኪያ ያስፈልጋል ማለትህ ትክክል ነው። ግን 80 ከመቶ የምኑ? ዝርዝሩ አራት ነጥብ ነው። ሦስቱን የፈጸመ 75፣ አራቱን የፈጸመ 100 አገኘ። 80 የሚያገኝ ሰው የለም። ያ ቁጥር ከሌላ ዕቅድ የተገለበጠ ነው። «ሁሉም ዝም እስኪሉ ሳይናገር» የሚለው ውስጥ ቁጥር የለም፤ ግን መፈጸም አለመፈጸሙ በዓይን ይታያል። መለኪያ ማለት ይኼ ነው።

መምህርት፣ ገንደ ቆሬ፦ እኔ 4ኛ ክፍል ሒሳብ ነው የማስተምረው። ተማሪዎቼ ክፍልፋይ እንዲደምሩ ዓላማውን እንዴት ልጻፈው?

መልስ፦ እሱ የዕለት የትምህርት ዕቅድ ነው፤ ዛሬ ስለ እሱ አይደለም። እዚያ የሚሠራው ተማሪው ነው። በስልጠና ዓላማ ውስጥ የሚሠራው መምህሩ ነው። ይኼን ያነሳሁት ብዙዎቻችሁ «ተማሪዎች በሥነ ሥርዓት ይቀመጣሉ» ብላችሁ ስለላካችሁ ነው። ተማሪዎቹ አዳራሹ ውስጥ የሉም።

ስሙን ያልጻፈ፦ የሚለኩ ግሶች ዝርዝር ላኪልን።

መልስ፦ አልልክም። ዝርዝሩ በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ዓላማዎቻችን ግን አልተሻሻሉም። ምክንያቱን ልንገርህ። «ሰልጣኙ አምስት የክፍል አያያዝ ዘዴዎችን ይዘረዝራል» የሚለውን ውሰድ። ይለካል? አዎ፣ ወረቀት ሰጥተህ ትቆጥራለህ። ግን አምስቱን በቃሉ የጻፈ መምህር ክፍል ገብቶ አንዱን ላይሠራ ይችላል። መዘርዘር የማስታወስ ችሎታ ነው። አንተ የምትፈልገው ደግሞ ልጆቹ ፊት ቆሞ መሥራቱን ነው። ስለዚህ ግሱ የሚታይ መሆኑ ብቻ አይበቃም። የሚታየው ድርጊት ራሱ ክፍል ውስጥ የሚያስፈልገው ድርጊት መሆን አለበት። ክፍል ውስጥ የሚደረግ ከሆነ ስልጠናውም ላይ ይደረግ እንጂ አይጻፍ።

የክላስተር አስተባባሪ፦ የኛ ዓላማ «ሰልጣኞች ተማሪን አይማቱም፣ አይሰድቡም» ይላል። ግልጽ ነው፣ ይታያል። ይሆናል?

መልስ፦ ሐሳቡ ትክክል ነው፤ አጻጻፉ አይሆንም። ኦግደን ሊንድስሊ የሚባል አሜሪካዊ የባህርይ ተመራማሪ ያመጣው ቀላል ፈተና አለ። የሞተ ሰው ሊያደርገው ከቻለ ድርጊት አይደለም። የሞተ ሰው አይማታም፣ አይሳደብምም። «አይ…ም» ብሎ የሚያልቅ ዓላማ ሁሉ እዚህ ፈተና ላይ ይወድቃል። ሰልጣኙ በዱላው ፋንታ ምን እንደሚያደርግ ጻፉ።

ሽማግሌ መምህር፣ ሐረር፦ እናንተ ልጆች ወረቀት ላይ ነው የምታወሩት። 70 ተማሪ ያለ አርጩሜ ያዝ እስቲ። እኛ እንዲያ ተምረን ነው ሰው የሆንነው።

የሳቢያን ርዕሰ መምህር፦ አቦ ተወው! ሕገ መንግሥቱ ከልክሎታል እኮ።

ሌላ መምህር፣ ድሬ፦ ዱላም ዓላማም አይደለም ችግሩ። ከሰዓት ፈረቃ፣ በዚያ ሙቀት፣ በአንድ ዴስክ አራት ልጅ። ማን ነው ዝም የሚለው?

ሽማግሌው፦ ሕጉን አውቃለሁ። ክፍሉን ግን ሕጉ አይገባልኝም።

መልስ፦ እዚህ ላይ ይብቃ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ይጠብቃል። በእሱ ላይ አልከራከርም። ሙቀቱና የዴስኩ ነገር እውነት ነው፤ እኔም እዚያው ክፍል ውስጥ አስተምሬያለሁ። እሱ ግን በዓላማው ውስጥ «ሁኔታ» በሚለው ቦታ ይገባል። በአንድ ዴስክ አራት ካስቀመጣችሁ ልምምዱንም አራት ሰው በአንድ ዴስክ አስቀምጣችሁ አድርጉት።

ለሽማግሌው መምህር ግን መልስ አለኝ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጃኮብ ኩኒን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት ክፍል መያዝ የሚችሉና የማይችሉ መምህራንን አነጻጽሮ ነበር። ልዩነቱ ረብሻ ከተነሳ በኋላ በሚወስዱት እርምጃ ላይ አልተገኘም። የተገኘው ረብሻው ሳይነሳ በሚያደርጉት ላይ ነው፤ ክፍሉን ሁሉ በዓይናቸው ይዘው፣ ሥራው ሳይቋረጥ ያስኬዳሉ። ስለዚህ የክላስተሩን ዓላማ እንዲህ እቀይረዋለሁ፦ «ሰልጣኙ መልመጃ እያስረዳ ሁለት ባልደረቦቹ ወሬ ሲጀምሩ፣ ማስረዳቱን ሳያቋርጥ ወደ እነሱ ይጠጋል፤ ካላቆሙ የሚሠሩትን ጥያቄ በጣቱ ያሳያቸዋል፤ ይህን ሲያደርግ ፊቱን ከቀሪው ክፍል አያዞርም።» አሁን ታዛቢው የሚያየው ነገር አለው። መጨረሻ ላይ «አያዞርም» ማለቴን የምታነሱ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ፤ «ቀሪውን ክፍል እያየ» በሉት።

መምህርት፣ ለገሃሬ፦ ልምምዱን ሞከርነው። አንዱን ሰልጣኝ እኔ 4 ከ4 ሰጠሁት፣ ጓደኛዬ 2 ከ4 ሰጠችው። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የምፈልገው። ከሁለታችሁ በፊት የሚጠየቀው ወረቀቱ ነው። የላክሽው ቼክሊስት ላይ «በራስ መተማመን ይናገራል» እና «ተገቢ ምልክት ይሰጣል» ይላል። ላንቺ መተማመን ድምፅ ከፍ ማድረግ ነው፤ ለእሷ ረጋ ማለት ነው። ሁለታችሁም ያያችሁትን በትክክል ጽፋችኋል።

እንዲህ አድርጉ። ከስልጠናው ሁለት ቀን በፊት አንዱ ባልደረባችሁ ያሳይ። ሁለታችሁ ሳትነጋገሩ ነጥብ ስጡ። ከዚያ ድምሩን ሳይሆን እያንዳንዱን ነጥብ ለየብቻ አነጻጽሩ። የተለያያችሁበት መስመር እንደገና ይጻፋል። «በራስ መተማመን ይናገራል» የሚለው «ክፍሉ ዝም እስኪል ንግግር ሳይጀምር ይቆያል» ሆነ እንበል። እንደገና ሞክሩ። አሁንም ከተለያያችሁ መስመሩ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይዟልና ክፈሉት። ድምር ብቻ ካያችሁ ትታለላላችሁ፤ ሁለታችሁም 3 ሰጥታችሁ የጎደለው ነጥብ ግን ለየቅል ሊሆን ይችላል።

ስሙን ያልጻፈ፦ «ይረዳሉ» ማለትስ ይቻላል?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ። ይረዳሉ፣ ይገነዘባሉ፣ ያውቃሉ፣ ግንዛቤ ያገኛሉ ሁሉም አንድ ናቸው። አይታዩም።

ሌላ፦ «ሰልጣኞች በቡድን ይወያያሉ» ብዬ ጻፍኩ። ይታያል አይደል?

መልስ፦ ይታያል፤ ግን የፕሮግራምህ አካል ነው እንጂ ዓላማ አይደለም። ተወያይተው ሲያበቁ ምን መሥራት ቻሉ?

መምህርት፣ ሐረር፦ እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ልጅን የሚያከብር መምህር ነው የምፈልገው። በአራት ነጥብ የሚታይ አይደለም። የማይለካ ከሆነ ይቅር ልንል ነው?

የክላስተር አስተባባሪ፦ ምልክቱን መለካት ይቻላል። በስም ይጠራዋል፣ ሲመልስ ጨርሶ ያዳምጠዋል።

መምህርት፣ ሐረር፦ ሱፐርቫይዘር ሲቀመጥ ሁሉም በስም ይጠራል። ሲወጣ ነው ጉዳዩ።

መልስ፦ አስተባባሪው ያለው ምልክት ጠቃሚ ነው፤ ያንቺም ስጋት ትክክል ነው። ለታዛቢ ሲባል የሚደረግን ከልብ ከሚደረገው የሚለይ ቼክሊስት በእጄ የለም። አክብሮትን በአጠቃላይ ዓላማው ውስጥ አስቀምጪው፣ አይሰረዝ። በግማሽ ቀን አሳካሁት ብለሽ ሪፖርት አታድርጊ እንጂ። ከዚህ በላይ ያለውን እናንተ ቀጥሉበት።

የሳቢያን ርዕሰ መምህር፦ የመጨረሻ ጥያቄ። በዓላማው ላይ «የክፍል ረብሻ በ50 ከመቶ ይቀንሳል» ብዬ ብጨምር? ጽሕፈት ቤቱ ይወደዋል።

መልስ፦ ከምን በ50 ከመቶ? ዛሬ ስንት እንደሆነ ቆጥረሃል? ያ የስልጠናው ዓላማ ሳይሆን ከስልጠናው በኋላ ሊመጣ የሚችል ውጤት ነው፤ በአዳራሽም አይለካም። ከምር ማወቅ ከፈለግክ ከስልጠናው በፊት ባለው ሳምንት አምስት ክፍል ግባ። መምህሩ ለክፍሉ ምልክት ከሰጠበት ጀምሮ ሁሉም ሰሌዳውን እስኪያዩ ያለውን ሰከንድ በስልክህ ቁጠር። ከአንድ ወር በኋላ እዚያው ክፍል፣ በዚያው ፈረቃ ድገመው። የጠዋቱን ከከሰዓቱ ጋር እንዳታወዳድር፤ በኛ ሙቀት ሁለቱ አንድ ክፍል አይደሉም።