ምግቡ ቀዝቅዞ እንዲደርስ ምን እናድርግ?

«የምግብ ማድረሻ አፕ እየሠራን ሐሳብ አለቀብን። ችግሩን ማባባስ የሚሉት ዘዴ እንዴት ነው?»

ርዕሱ ላይ ያለውን ጥያቄ ይዛችሁ ለ10 ደቂቃ የመጣላችሁን ሁሉ ጻፉ። «አድራሻው ‹ከፋርማሲው ጀርባ› ብቻ ይሁን። አድራሹ ሦስቴ ይደውል። በሚቀጥለው ሌላ ልጅ ልከን ከዜሮ እናስጀምረው።»

ከዚያ ዛሬም ሳይታወቃችሁ የምታደርጉትን አክብቡ። ትልቁ ሥራ ይሄ ነው። እዚህ ላይ የመጨረሻው ይከበባል፤ አንዱ አድራሽ ለፍቶ ያገኘው መንገድ ለሌላው አይተላለፍም። እንግዲያው ይህን ገልብጡት፦ ደንበኛው አቅጣጫውን አንዴ በድምፁ ይቅዳ፣ ከፈቀደም አድራሹ የበሩን ፎቶ ይጨምርበት። «እንዴት እንፍጠን?» ብትሉ ኖሮ ምናልባት ሞተር ስለመጨመር ነበር የምታወሩት።

ስትገለብጡት «ቶሎ እናድርስ» ብቻ ከወጣ፣ ማባባሻው ገና ጥቅል ነው። ማን፣ የት፣ ምን እንደሚያደርግ እስኪታይ ዘርዝሩት።