ልቡ ጉብታ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «ሰላም ቤተሰብ። ባህር ዳር ሐይቅ ዳር ካፌ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ገና ጀማሪ ነኝ። ላቴ ላይ ልብ ልሥራ ስል አንዴ ነጭ ጉብታ ይወጣል፣ አንዴ ጭራሽ ምንም አይታይም። ቅጠል የሚመስለው ሮዜታማ አይታሰብም። ችግሩ እጄ ነው ማሽኑ?»

እህቴ፣ ማሽኑን ተዪው። እጅሽንም ለጊዜው ተዪው። እጅ የለመደውን ነው የሚደግመው፤ ቢሳሳትም በአብዛኛው አንድ ዓይነት ስህተት ነው የሚሠራው። አንዴ ጉብታ፣ አንዴ ባዶ ከሆነብሽ ግን ከሲኒ ሲኒ የሚለያየው አረፋው ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ከወተቱ እንጀምር።

ወተቱ ከየት ነው የሚመጣላችሁ? እዚህ ከተማ ብዙ ካፌ ጥሬ ወተት ነው የሚቀበለው። በጀሪካን ተጭኖ፣ በባጃጅ ሲናጥ፣ ፀሐይ ሲመታው ይደርሳል። እንዲህ የተንገላታ ጥሬ ወተት ቅባቱ መፈራረስ ይጀምራል፤ ያ ደግሞ አረፋን ይገድላል። ለማወቅ ቀላል ነው። ትንሽ ወተት በስቲም አሙቂና ጆጉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቂ። ጆሮሽን አስጠጊ። ሽሽሽ የሚል ድምፅ ካለውና ላዩ ላይ ትላልቅ አረፋ እየፈነዳ ከሄደ፣ በዚያ ወተት ማንም ልብ አይሠራም። መፍትሔው ወተቱ እንደደረሰ ማፍላት፣ ቶሎ ማቀዝቀዝ፣ ስልባቦቱን አንስቶ ፍሪጅ ማስገባት ነው። ስልባቦቱ ካልተነሳ ቁርጥራጩ ጆጉ አፍ ላይ እየተንጠለጠለ መስመሩን ይሰብርብሻል።

ሁለተኛው ጠላት ትልቁ ጆግ ነው። ታውቂዋለሽ፤ ለአምስት ማኪያቶ አንዴ ይሞቃል፣ የተረፈው ላይ ቀዝቃዛ ይጨመርበትና እንደገና ስቲም ይገባል። ለማኪያቶ ያስኬድ ይሆናል። ለላቴ አርት ግን አንዴ በስቲም የሞቀ ወተት ሁለተኛ ጥሩ አረፋ አይሰጥሽም። ለአንድ ሲኒ ትንሽ ጆግ፣ ወተቱም ከፍሪጅ የወጣ ይሁን። ጆጉን አፉ መሾል እስከሚጀምርበት ድረስ ሙዪው እንጂ አታሳልፊ።

አሁን ስቲሙ። ጫፉን ከወተቱ ላይ ትንሽ ብቻ አስገቢ። ወረቀት ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት ስስ ድምፅ ትሰሚያለሽ፤ አየር እየገባ ነው ማለት ነው። ይሄ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። መዳፍሽ ጆጉ ላይ ይሁን፤ ቅዝቃዜው ጠፍቶ ከእጅሽ ሙቀት ጋር ሲተካከል አየሩ ይበቃዋል። ከዚያ ጫፉን ትንሽ ጥልቅ አድርገሽ ወደ ጎን አስጠጊው፤ ወተቱ መሽከርከር አለበት። ትላልቁን አረፋ የሚፈጨው ይሄ ሽክርክሪት ነው። ጆጉ መዳፍሽን ሲለበልብሽ ዝጊ፤ ቴርሞሜትር ካለሽ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ነው። ከ70 ካለፈ ጣፋጭነቱ ይሄዳል፣ አረፋውም ሻካራ ይሆናል። «ትኩስ ይሁን!» የሚል ደንበኛ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ለእሱ ትኩሱን ስጪው፣ ልቡን እርሺው።

ጥሩው ወተት ያልደረቀ የዘይት ቀለም ይመስላል፤ ያብረቀርቃል፣ አንድም ነጠብጣብ አይታይበትም። ጆጉን ጠረጴዛ ላይ ቀስ ብለሽ መታ መታ አድርጊውና እስክትቀጂ ድረስ እያሽከረከርሽ ያዢው። ያንቺ ጉብታ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ሞቆ ከቆመ ወተት ላይ አረፋው ወደ ላይ ይወጣል፣ ፈሳሹ ወደ ታች ይወርዳል። ስትቀጂ መጀመሪያ ቀጭኑ ይፈስና ምንም አይታይሽም። መጨረሻ ላይ ደግሞ አረፋው እንዳለ ዷ ብሎ ይወድቃል። ሒሳብ እስክትቀበዪ፣ ስኳር እስክታመጪ ማስቀመጥ የለም። ኤስፕሬሶው ቀድሞ ይውጣ፤ ላዩ ላይ ያለው ቡናማ ክሬማ ሳይጠፋ ወተቱ ይድረስለት።

ወደ እጅሽ እንምጣ። የማኪያቶ ብርጭቆውን ለልምምድ አትጠቀሚበት። ጠባብ ስለሆነ ቅርጹ የሚዘረጋበት ቦታ የለውም። ሰፊ አፍ ያለው፣ ታቹ ክብ የሆነ፣ 200 ሚሊ ሊትር አካባቢ የሚይዝ ሲኒ ፈልጊ። ሲኒውን ወደ ጆጉ አዘንብዪው። ከአራት ጣት ያህል ከፍታ በቀጭኑ ቅጂ። ከላይ የሚወርደው ወተት ክሬማውን ሰንጥቆ ታች ይገባል፣ ላዩ ቡናማ እንደሆነ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ነጭ ከታየሽ ወይ ዝቅ ብለሻል፣ ወይ አረፋሽ ወፍራም ነው።

ሲኒው ከግማሽ ትንሽ ሲያልፍ ጆጉን ዝቅ አድርጊ፤ አፉ ቡናውን ሊነካ ይድረስ። እዚህ ጋ ነው አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው። ሲኒው ይፈስብኛል ብሎ ይፈራና ዝቅ ሲል ፍሰቱን ይቀንሳል። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው። ዝቅ ስትዪ ፍሰቱን ጨምሪ። አረፋውን ላይ ላዩን የሚገፋው ያ ፍጥነት ነው። ወተቱ ጥሩ ሆኖ ነጭ እምቢ ካለሽ፣ ወይ ርቀሻል ወይ እየሰሰትሽ ነው።

ለልብ፣ መሃል ላይ ነጩ እንደታየሽ እጅሽን አታንቀሳቅሺ። ክቡ ራሱ ያድጋል። ሲኒው እየሞላ ሲሄድ ቀስ እያልሽ አቅኚው። ሊሞላ ሲል ጆጉን ወደ ላይ አንሺ፣ ፍሰቱን አቅጥኚ፣ በክቡ መሃል ወደ ፊት አቋርጪ። ሽንኩርት ከመሰለሽ ሳትጨርሺ አቁመሻል። ረጅም ጅራት ካወጣ ደግሞ ጆጉን ሳታነሺ በወፍራሙ ነው ያቋረጥሽው።

ልቡ በተከታታይ ሲወጣልሽ ወደ ሮዜታ ሂጂ። አጀማመሩ ያው ነው። ነጩ ሲታይሽ ጆጉን ከእጅ አንጓሽ ግራና ቀኝ በትንሹ አወዛውዢው፤ ክንድሽ አይሂድ። ወዲያው ወደ ኋላ አትሽሺ። መጀመሪያ ባለሽበት አወዛውዢ፤ ቅጠሎቹ እየተገፉ ሲዘረጉ ያኔ ቀስ እያልሽ ወደ ራስሽ ጠርዝ ተመለሺ። ቶሎ ከሸሸሽ ሁለት ሦስት ቀጭን መስመር ብቻ ነው የሚቀርሽ። ቅጠሎቹ ተጣብቀው አንድ ነጭ ከሆኑ አረፋው ወፍራም ነው፤ በሚቀጥለው አየር የምታስገቢበትን ጊዜ አሳጥሪ። መጨረሻ ላይ ጆጉን አንስተሽ ክር በምታህል ፍሰት መሃሉን አቋርጪ። በወፍራሙ ካቋረጥሽ ቅጠሎቹን ሁሉ ወደ መሃል ጎትቶ ያጠፋቸዋል።

ረቡዕና አርብ ወተት የሚጠይቅ ስለሚቀንስ ለስቲም ልምምድ ጥሩ ቀን ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ላይ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሪና በስቲም አሽከርክሪው፤ አየር የማስገባቱንና የማሽከርከሩን ስሜት ያለ ኪሳራ ታገኚዋለሽ። ስትጨርሺ የስቲሙን ቱቦና ጆጉን በደንብ እጠቢ፣ ስቲሙንም ደጋግመሽ ልቀቂው፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ደንበኛ ሳሙና ነው የሚጠጣው።

ይሄን ሞክረሽ ካልተለወጠ የሲኒውን ፎቶ አትላኪ። የጆጉን ቪዲዮ ላኪልን፤ ስቲሙን ከዘጋሽበት ጀምሮ ያለችውን አንድ ደቂቃ፣ ከነድምፁ።