ተቅማጡ ቆሟል፣ ስድስት ፍሬ ዚንክ ግን ቀርቷል

«ዶክተር፣ ልጄ 1 ዓመት ከ2 ወሩ ነው። ሲያስቀምጠው ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፤ ኦአርኤስና 10 ፍሬ ዚንክ ሰጡኝ። ጎረቤቴ የሰጠችኝን የፍላጂል ሽሮፕም ሁለቴ አጠጥቼዋለሁ። ዚንኩን አራት ቀን እንደሰጠሁት ተቅማጡ ቆመ፣ እኔም ተውኩት። ይኸው ሁለት ቀን ሆነው። እናቴ ‹ጥርስ ሊያበቅል ነው፣ ለጤነኛ ልጅ ኪኒን አትስጪ› ትላለች። የቀረው ይጎዳዋል? ወይስ ለሌላ ጊዜ ላቆየው?»
እናት፣ ከአራት ኪሎ

አይጎዳውም። ዚንክ ሥጋ፣ እንቁላልና ምስር ውስጥ ያለ ማዕድን ነው። ለእሱ ዕድሜ በቀን 20 ሚሊግራም፣ ማለትም አንድ ፍሬ፣ ለ10 ቀን መውሰዱ ልኩ ነው። ከ6 ወር በታች ቢሆን ኖሮ ግማሽ ፍሬ ይበቃው ነበር። ዛሬውኑ አንድ ፍሬ ይስጡትና እስኪያልቅ በቀን አንድ አንድ እያሉ ይቀጥሉ። ያለፉትን ሁለት ቀናት ለማካካስ ብለው ግን ሁለት ፍሬ በአንዴ እንዳይሰጡት።

ኦአርኤስ የሚመልሰው የወጣውን ውሃና ጨው ነው። ተቅማጡ ሲቆም የእሱም ሥራ ያልቃል። የዚንክ ግን አያልቅም። ልጅ ሲያስቀምጠው ዚንክም አብሮ ከሰውነቱ ይወጣል፤ የተጎዳው የአንጀት ሽፋን ደግሞ ራሱን ለመጠገን የሚፈልገው እሱኑ ነው። ከውጭ ሲያዩት ድኗል፣ ውስጡ ግን ገና ነው። 10ሩን ቀን የጨረሰ ልጅ በሚቀጥሉት 2 እና 3 ወራት እንደገና የመታመም ዕድሉ ይቀንሳል። ስድስቱን ፍሬ ለሌላ ጊዜ ማቆየት ማለት ያንን ሌላ ጊዜ መጥራት ነው። ቢመጣም ስድስት አይበቃዎትም፣ ያኔም 10 ያስፈልጋል።

አሰጣጡ ቀላል ነው። ፍሬውን ማንኪያ ላይ ያድርጉት፣ ጥቂት የጡት ወተት ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ጠብ ያድርጉበት። ወዲያው ይሟሟል። ሳንቲም የላሱ ያህል የብረት ጣዕም ስላለው ፊቱን ያጨማድዳል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰው ሌላ አንድ ፍሬ ይስጡት።

አሁን ወደ ጥርሱ። እናትዎን አከብራቸዋለሁ፤ የእኔም እናት እንዲሁ ነበር የምትለው። ግን ጥርስ አያስቀምጥም። ነገሩ መገጣጠም ነው። ልጅ ጥርስ የሚያበቅለው ከ6 ወሩ ጀምሮ ነው። ያኔ ምግብ ይጀምራል፣ ይድሃል፣ ወለል ላይ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። ድዱን ሲያሳክከው ደግሞ ይብሳል። ከእናቱ ይዞት የተወለደው መከላከያም በዚያው ሰሞን ይሳሳል። ጀርሙ የሚገባው በእጁ ነው፣ ሐሜቱ የሚያርፈው ጥርሱ ላይ!

ይህን የማስረዝመው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ጊዜ አንዲት አያት የ9 ወር ልጅ አዝለው መጡ። «ጥርሱ ነው» ተብሎ አምስት ቀን ቤት ቆይቷል። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ሲያለቅስ እንባ የለውም። የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው እንደታጠፈ ጨርቅ ቆየና ቀስ ብሎ ተመለሰ። ከ2 ሰከንድ በላይ ከቆየ ልጁ ክፉኛ ደርቋል ማለት ነው። ውሃ በደም ሥር ሰጥተነው ዳነ። ኋላ ድዱን ሳየው አንድም ጥርስ ብቅ አላለም። «ግግ ነው» ብለው ያልበቀለ ጥርስ በሹል ነገር የሚያስወጡም አሉ። እባካችሁ! ያ ልጅ ከተቅማጡ ላይ ደም መፍሰስና ቁስል ይጨመርበታል።

ፍላጂሉን ሳነብ ግን ትዕግሥቴ አለቀ። ለማን ታዝዞ የተረፈ ነው? መቼ ተከፍቶ? አብዛኛው የሕፃናት ተቅማጥ ከቫይረስ ነው፤ ፍላጂል ቫይረስ አይነካም። ይልቅ ያቅለሸልሻል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ይድፉት።

ተቅማጡ ከተመለሰ ኦአርኤሱን አሟሟትዎን ያስተካክሉ። ፓኬቱ «ለ1 ሊትር» የሚል ከሆነ ሙሉውን በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው። ብዙ እናቶች በግማሽ ሊትሯ ሃይላንድ በጥብጠው ይሰጣሉ። ያ ጨው ይበዛበታል፣ ልጁን ይጎዳዋል። ባስቀመጠው ቁጥር ከሩብ እስከ ግማሽ የውሃ ብርጭቆ፣ በማንኪያ ቀስ እያሉ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ይጠብቁና ይቀጥሉ። ጡትና ምግብ አይከልክሉት። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል።

ሰገራው ላይ ደም ካዩ፣ መጠጣት ካቃተው፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ ወይም ከደከመና ዓይኑ ከጎደጎደ ግን ማንኪያውን አስቀምጠው ይዘውት ይውጡ፣ ሌሊትም ቢሆን።